በእስክሪብቶና በቁልፍ የተፈረመ ውል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውልን አጻጻፍ በመሠረቱ ለተዋዋዮቹ ፈቃድ የተወ ነው። ሕጉ ራሱ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ሁለት ሰዎች በቃል ተስማምተው ሊገዳደዱ ይችላሉ። ከሱቅ ስኳር የሚገዛ ሰው ምንም አይፈርምም፤ ውሉ ግን ውል ነው። የፊርማ ነገር የሚከብደው ሕጉ ጽሑፍ ባዘዘባቸው ጉዳዮች ላይ ነው፦ ዋስትና፣ ኢንሹራንስ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ። በእነዚህ ላይ የታዘዘው ፎርም ካልተሟላ የተጻፈው ወረቀት ከረቂቅነት አያልፍም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም በጽሑፍ፣ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም መሐላ ካልተደረገ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም። ወሰኑ በተጻፈበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በጓደኛሞች መካከል የሚደረገው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ በላይ ነው።

ሕጉ ጽሑፍ ሲያዝ ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክሮች እንዲያረጋግጡት ይጠይቃል። ፊርማው በእጅ የሚጻፍ ነው፤ መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራውን ያኖራል። ሕጉ ሲረቀቅ ሌላ ዓይነት ፊርማ የሚያስብ አልነበረም። በሩን የከፈተው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ተከተለው። የመጀመሪያው አዋጅ መነሻ ሐሳብ አጭር ነው፦ አንድ ፊርማ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይነፈገውም። ይህ ማለት ግን በስክሪን ላይ የተደረገ ምልክት ሁሉ ከእጅ ፊርማ እኩል ይመዝናል ማለት አይደለም።

በተለምዶ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚባለው ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው በወረቀት ላይ የተፈረመን ፊርማ ፎቶ አንሥቶ ወይም ስካን አድርጎ በፋይል ላይ መለጠፍ ነው። ሁለተኛው ስም መተየብ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ወይም በስልክ የመጣ የምስጢር ቁጥር ማስገባት ነው፤ የግብር ማስታወቂያንና የንግድ ፈቃድ ማመልከቻን የመሰሉ የመንግሥት ቅጾች በኢንተርኔት ሲሞሉ በአብዛኛው የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው በምስክር ወረቀት የተደገፈ ዲጂታል ፊርማ ነው። አዋጁ ትልቁን እምነት የጣለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ የምስክር ወረቀት ሰጪዎቹም ከላይ ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ይያያዛሉ፤ አዋጁ የሥርዓቱ ሥር አድርጎ የሰየመው ይህንኑ መሥሪያ ቤት ነውና።

ልዩነቱ የሚታየው ፈራሚው «አልፈረምኩም» ሲል ነው። አንድ ሰው ለሥራ ባልደረባው የ300,000 ብር ብድር ዋስ ሆነ እንበል። የዋስትና ውል ከፍተኛውን ገንዘብ ካልገለጸ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ 300,000 የሚለው ቁጥር የውሉ እምብርት ነው። ተበዳሪው ጠፋ፣ አበዳሪው ዋሱን ከሰሰ፤ የቀረበው ሰነድ ግን 800,000 ይላል።

ውሉ በእስክሪብቶ የተፈረመ ከሆነ ዋሱ ፊርማውን ሲክድ ፍርድ ቤቱ ለፎረንሲክ ምርመራ ሊልከው ይችላል። መርማሪው የእጁን ግፊት፣ የመስመሩን አካሄድና እስክሪብቶው የተነሣበትን ቦታ ከሌሎች ፊርማዎቹ ጋር ያስተያያል። «ማን ፈረመ?» ለሚለው ጥያቄ ይህ ጠንካራ መልስ ይሰጣል። «ምን ላይ ፈረመ?» ለሚለው ግን ደካማ ነው፤ ፊርማው ያለው በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ያለበት የፊተኛው ገጽ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጠንቃቃ ተዋዋዮች በየገጹ የሚፈርሙት ለዚህ ነው።

የተለጠፈ የፊርማ ምስል ከሆነ ምርመራው ብዙም አይረዳም። ምስሉ የዋሱ ፊርማ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ማን እንደለጠፈው አይናገርም፤ ከድሮ የደመወዝ ወረቀት ተቆርጦ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የማንም ሰው ሁለት ፊርማ በትክክል አንድ ስለማይሆን፣ ከሌላ ሰነድ ፊርማ ጋር ያለ አንዳች ልዩነት የሚገጥም ምስል መቀዳቱን ያሳብቃል። አበዳሪው የቀረው መንገድ ዙሪያውን ማስረዳት ነው፦ ፋይሉ የተላከበት ቴሌግራም፣ ከዚያ በኋላ የተጻጻፉት፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን።

ዲጂታል ፊርማ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ከፋይሉ ይዘት ላይ በስሌት አጭር አሻራ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ የሚውለው SHA-256 የሚባለው ስሌት የሚያወጣው አሻራ 64 ፊደልና አኃዝ ነው። ይህን አሻራ ፈራሚው ብቻ በያዘው የግል ቁልፍ ያትመዋል። ተቀባዩ በምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው ይፋዊ ቁልፍ ማኅተሙን ይፈትሻል። ከፊርማው በኋላ 3 ወደ 8 ብትቀየር አዲሱ አሻራ ከታተመው ጋር ስለማይገጥም ፋይሉ የተፈረመው ሰነድ እንዳልሆነ ወዲያው ይታያል። በዚህ በኩል ዲጂታል ፊርማ ከእጅ ፊርማ ይልቃል። ድክመቱ ያለው ቁልፉ ላይ ነው። ስሌቱ የሚያሳየው የዋሱ ቁልፍ መሥራቱን እንጂ ቁልፉን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አይደለም። ቁልፉንና የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው ወይም ለሒሳብ ሠራተኛው የሰጠ ሰው በኋላ «እኔ አይደለሁም» ሲል ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ የጠፋ ቁልፍ ለምስክር ወረቀት ሰጪው ወዲያው ተነግሮ መሰረዝ ያለበትም ለዚህ ነው።

ዲጂታል ፊርማ የሚተካው ፊርማን ነው። ሁለቱን ምስክሮች አይተካም፤ ሕጉ በባለሥልጣን ፊት መቅረብን ካዘዘም ያንን አይተካም። የውክልና ሥልጣን በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ በኩል የሚያልፈው ባለሥልጣኑ የፈራሚውን ማንነትና ፈቃድ ፊት ለፊት እንዲያይ ነው። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የሚኖር ሰው ቤቱን ለማሸጥ ለወንድሙ የሚልከውን ውክልና በስልኩ ፈርሞ በመላክ የማይጨርሰው፣ ኤምባሲ ድረስ የሚሄደውም ስለዚሁ ነው። የዓይነ ስውርና ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም አሻራም በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ይህ ጥበቃ በስልክ ዘመን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የእናቱን ስልክ ይዞ «እስማማለሁ»ን የሚጫን ልጅ በየቤቱ አለና።

በሌላ አገርም ሕጉ እንዲህ ወሰን ያበጃል። በአሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ የኪራይና የሥራ ውልን በስክሪን መፈረም ቢፈቅድም ኑዛዜን፣ ጉዲፈቻንና ፍቺን ከወሰኑ ውጭ አድርጓል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 910/2014 ፊርማን በደረጃ ይከፍላል፤ ከእጅ ፊርማ እኩል የሚቆጥረው ከፍተኛውን ደረጃ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በጀርመን ሠራተኛን ማሰናበት በወረቀት ላይ በእጅ ካልተፈረመ አይጸናም፤ በኢሜይል የመጣ የስንብት ደብዳቤ የቱንም ያህል የረቀቀ ዲጂታል ፊርማ ቢይዝ ውጤት የለውም።

በተግባር ብዙ ዲጂታል ፊርማ የሚጠፋው በፍርድ ቤት ሳይሆን በማተሚያ ማሽን ላይ ነው። ፊርማው ያለው በፋይሉ ውስጥ ስለሆነ ቢሮው «አትመህ አምጣ» ሲል በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ስምና ቀን የያዘ ሥዕል ብቻ ነው። ስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ መላክም እንዲሁ ነው፤ ፋይሉ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ፊርማው ሳይነካ ይደርሳል። የምስክር ወረቀቱ የአገልግሎት ዘመን በዓመታት የተወሰነ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ውል ላይ የተፈረመበት ሰዓት በሦስተኛ ወገን የጊዜ ማኅተም መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ከዓመታት በኋላ ፊርማው የተደረገው የምስክር ወረቀቱ ሳያልቅ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ የሚለውን መለየት ያስቸግራል።