ከጉድጓዱ ላይ ታንከሩ ሲቀነስ

በጊቢ ውስጥ የሚቀበር የኮንክሪት የውሃ ታንከር ስምንት ሺህ ሊትር ይይዛል እንበል። ውስጡ በሁሉም በኩል 2 ሜትር ነው። ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ስላላቸው ከውጭ ሲለካ 2.4 ሜትር ይሆናል። ሠራተኛ ፎርም ወርክ የሚያስርበት 60 ሳንቲ ሜትር በየጎኑ ተጨምሮ ጉድጓዱ 3.6 በ3.6 ተቆፈረ፤ ጥልቀቱ 2.4። ይህ 31.1 ሜትር ኩብ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች «ታንከሩ ስምንት ሺህ ነው» ብለው 8 ሜትር ኩብ ይቀንሱና 23.1 ይላሉ። አፈሩን የሚያባርረው ግን ውሃው ሳይሆን የታንከሩ ሙሉ አካል ነው። 2.4 በ2.4 በ2.4 ሲባዛ 13.8 ይሆናል፤ የሚሞላው 17.3 ብቻ ነው። ወደ ስድስት ሜትር ኩብ የሚጠጋ ልዩነት በኮንክሪቱ ውስጥ ተደብቋል።

የጉድጓዱ ጎን ተዳፋት ከሆነ ደግሞ የአፉን ልኬት ብቻ ይዞ ማባዛት ያሳስታል።

17.3 የተጠቀጠቀ አፈር ልክ ነው። በመኪና የሚመጣው ልል ስለሆነ እንደ አፈሩ ዓይነት ይጨመርበታል፤ ሃያ በመቶ ብንይዝ ወደ 21 ይደርሳል። ከጉድጓዱ የወጣው ዋልካ ከሆነ ተመልሶ አይግባ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሰሌክት በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየተነጠፈ፣ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። ባንድ ጊዜ ተገልብጦ የተሞላ ጉድጓድ ከክረምት በኋላ በታንከሩ ዙሪያ ሲሰምጥ ይታወቃል። ኮንትራክተርዎ የሙሌት ሂሳብ ሲያቀርብ የቀነሰው የውጭውን ልክ መሆኑን ይጠይቁ።