ሰኔ ሚካኤል ምን ቀን ዋለ?

የታላቅ ወንድሜ መታወቂያ ላይ የልደት ዓመቱ 1962 ተብሎ ተጽፏል። አክስታችን ግን በዚህ ተስማምተው አያውቁም። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ፣ «እኔ አጠገቧ ነበርኩ እኮ! ሰኔ ሚካኤል ነው፤ ቅዳሜ ነበር። አባትህን ከገበያ ነው ያስጠራነው» አሉት። ዓመቱን ሲጠየቁ ግን፣ «እሱን እናንተ የተማራችሁት ቁጠሩት» ብለው ለእኛ ተዉት። ወንድሜ ስልኩን ፈልጎ ሳያገኝ፣ ቶናውም ሳይቀዳ መልሱ ተገኘ። ሰኔ 12 በ1962 የዋለው ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ የዋለው በ1963 ነው።

ይህን ለማወቅ ካላንደር አያስፈልግም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለእንዲህ ያለው የአእምሮ ስሌት እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም ከጳጉሜን በቀር ወሮቹ ሁሉ እኩል 30 ቀን ናቸው። ሠላሳ ቀን ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር ዕለቱ በሁለት ይገፋል። መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር፤ ጥቅምት 1 ቅዳሜ ዋለ፣ ኅዳር 1 ደግሞ ሰኞ። ዓመቱም እንዲሁ ነው። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለሆነ፣ ያው ቀን በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ዕለት ይገፋል። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን አንድ ቀን ይጨመርና ግፊቱ ሁለት ይሆናል። ከዚህ ሌላ ማወቅ የሚያስፈልግ ነገር የለም። የቀረው እነዚህን ግፊቶች ደምሮ ሰባት ሰባቱን መጣል ነው።

ለዕለታቱ የምንሰጠው ቁጥር ደግሞ በስማቸው ውስጥ አለ። እሑድ ከግዕዙ አሐዱ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ 1። ሰኞ ሰኑይ ነው፣ 2። ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ እንደ ስሙ 4፣ ሐሙስ 5፣ ዓርብ 6። ቅዳሜ ሰባተኛ ነው፤ ሰባት ሲጣል ግን ምንም ስለማይተርፍ ቅዳሜን 0 እንላታለን።

አሁን የሚደመሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቀኑ ራሱ ነው። ሁለተኛው የወሩ ተራ ቁጥር እጥፍ ነው፤ መስከረም 1፣ ጥቅምት 2 እያሉ እስከ ጳጉሜን 13 ይቆጠርና በሁለት ይባዛል። ሦስተኛው የዓመቱ ድርሻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ የራሱ ሩብ ይጨመራል፤ ሩቡ ሲወሰድ ትርፉ ይጣላል። ሦስቱ ተደምረው ለሰባት ሲካፈሉ የሚተርፈው ቁጥር ዕለቱ ነው። እኔን እስካሁን የሚያስደስተኝ ሌላ ምንም ማስተካከያ ቁጥር አለመፈለጉ ነው። በብዙ አገር አቆጣጠር መጨረሻ ላይ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ አንድ ነገር አይጠፋም፤ በእኛው ግን እሑድን 1 ብለን ከጀመርን ድምሩ በቀጥታ ይገጥማል።

አራት አሃዝ ያለውን ዓመት በአእምሮ ለአራት ማካፈል ሊያደክም ይችላል። ለዚህ የሚረዳ አጭር መንገድ አለ። በ28 ዓመት ውስጥ 28 ግፊትና ሰባት የጳጉሜን 6 ግፊት ይደመራል፤ 35 ነው፣ ያለ ትርፍ ለሰባት ይካፈላል። ስለዚህ በየ28 ዓመቱ ዕለታቱ ሁሉ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ዙር ዓውደ ፀሐይ ይሉታል። 2016 ለ28 በትክክል ይካፈላል፤ ስለዚህ የዓመት ድርሻው 0 ነው። ከእሱ 28፣ 28 እየቀነስን ወደ ኋላ ስንሄድ 1988፣ 1960፣ 1932፣ 1904፣ 1876 እናገኛለን፤ ሁሉም 0 ናቸው። ከፈለግነው ዓመት ላይ ከኋላው ያለውን የቅርቡን ምሰሶ እንቀንሳለን፣ ልዩነቱ ላይ ሩቡን እንጨምራለን፣ ያበቃል።

ወደ ወንድሜ እንመለስ። ሰኔ 12፦ ቀኑ 12 ነው። ሰኔ አሥረኛ ወር ስለሆነ እጥፉ 20። ሁለቱ 32፣ ሰባት ሰባቱ ሲጣል 4 ይተርፋል። ይህ ለየትኛውም ዓመት ሰኔ ሚካኤል አይለወጥም። 1962 ከ1960 በ2 ይበልጣል፣ የ2 ሩብ ከአንድ በታች ስለሆነ ይጣላል፤ ድርሻው 2። 4 እና 2 ስድስት ነው፤ ዓርብ። 1963 ሲሆን ድርሻው 3፣ ድምሩ 7፣ ሰባቱ ተጥሎ 0፤ ቅዳሜ። ለጥንቃቄ 1964ንም አየሁት። ልዩነቱ 4፣ ሩቡ 1፣ ድርሻው 5፤ 4 ሲጨመርበት 9፣ የሚተርፈው 2፤ ሰኞ። 1963 ላይ ጳጉሜን 6 ስለነበረች ከቅዳሜ ወደ ሰኞ መዝለሉ ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። በ1962ና በ1963 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዕለት ብቻ ነው፤ አንድ ዕለት ደግሞ በቀላሉ ይሳሳታል። በእኛ አነጋገር ዓርብ ማታ የጀመረ ሌሊት «ለቅዳሜ አጥቢያ» ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የተወለደን ልጅ አንዱ የዓርብ ሌሊት፣ ሌላው የቅዳሜ ይለዋል፤ የሆስፒታል ወረቀት ደግሞ ቀኑን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለውጣል። ስለዚህ ስሌቱ ከሰው ትዝታ በአንድ ዕለት ብቻ ሲለይ፣ ዓመቱን ከመጠራጠር በፊት «ቀን ነው ወይስ ሌሊት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔም ይህንኑ አክስቴን ጠየቅኋቸው። «ገበያ ውስጥ ነበር አልኩህ እኮ፤ ሌሊት ማን ገበያ ይወጣል?» አሉኝ። የወንድሜን ነገር የቋጨው ይህ የገበያው ትዝታ ነው።

ዘዴው የማይችለውም አለ። ሰኔ 12 ከ1963 በኋላ በ1968፣ ከዚያም በ1974ና በ1985 ቅዳሜ ውሏል። ዕለት ብቻውን ተቀራራቢ ዓመታትን ይለያል እንጂ፣ «በሠላሳዎቹ ይሁን በአርባዎቹ አላውቅም» ለሚል ሰው ዓመት አይሰጥም። በስሌቱ ላይ በብዛት የሚፈጠረው ስሕተት ደግሞ የወር ተራ ቁጥር ነው፤ መጋቢትን 8 ሚያዝያን 7 የሚል ብዙ ነው፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ጳጉሜንም የምትቆጠረው በሚያልቀው ዓመት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017ን ብንወስድ 5፣ የ13 እጥፍ 26፣ የዓመቱ ድርሻ 1፤ ድምሩ 32፣ ትርፉ 4፣ ረቡዕ። በማግስቱ ሐሙስ ዘመን ተለወጠ። መስከረም 1 ሐሙስ ነው ካልነው ጋር ስለሚገጥም፣ ዘዴውን በትክክል መያዝ አለመያዝን በዚህ መፈተን ይቻላል።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የመስከረም 1ን ዕለት የሚያወጡት በዚሁ ሐሳብ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምረው ዓመተ ዓለም ይላሉ፤ የእሱን ሩብ መጠነ ራብዒት ይሉታል። ሁለቱን ደምረው ለሰባት ይገድፋሉ። ለ2018፣ 7518ና 1879 ድምሩ 9397 ነው፤ ሲገደፍ 3 ይተርፋል። እነሱ 1 ሲተርፍ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ ስለሚሉ ያው ሐሙስ ይመጣል።

በፈረንጆች አቆጣጠር ነገሩ ይከብዳል፤ ወሮቹ እኩል አይደሉም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ በፈረንጆች 1973 ለዚህ መላ አበጀና «የፍርድ ቀን» የሚል ስም ሰጠው። ወሮቹን መደመሩን ትቶ፣ በየትኛውም ዓመት ሁልጊዜ አንድ ዕለት ላይ አብረው የሚውሉ ቀኖችን መረጠ፦ ኤፕሪል 4፣ ጁን 6፣ ኦገስት 8፣ ኦክቶበር 10፣ ዲሴምበር 12፣ እንዲሁም የፌብሩዋሪ የመጨረሻ ቀን። የዓመቱ «የፍርድ ቀን» ምን ዕለት እንደሆነ ካወቅን፣ ከነዚህ ወደ ቅርቡ ሄዶ መቁጠር ብቻ ነው። ዕለቱን ለማወቅ የዓመቱን ሁለት የመጨረሻ አሃዞች ከሩባቸው ጋር ደምሮ ሰባቱን መጣል፣ ትርፉንም ከክፍለ ዘመኑ መነሻ ዕለት መቁጠር ነው። መነሻው ለ1800ዎቹ ዓርብ፣ ለ1900ዎቹ ረቡዕ፣ ለ2000ዎቹ ማክሰኞ ነው። እኛ ክፍለ ዘመን የማንቆጥረው ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ ሳትዘል ስለምትመጣ ነው። እነሱ ግን 1700፣ 1800ና 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ።

የዚህ ዝላይ ውጤት ዓድዋ ላይ በግልጽ ይታያል። ድሉን በየዓመቱ የካቲት 23 እናከብራለን፤ በፈረንጆች ማርች 2 ነው። የአውሮፓ የታሪክ መጻሕፍት ግን ጦርነቱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላሉ፤ ብዙ ሰው አንዱ ወገን ተሳስቷል ብሎ ያስባል። በዕለቱ እንፈትነው። የካቲት 23 ቀን 1888፦ ቀኑ 23፣ የስድስተኛው ወር እጥፍ 12። 1888 ከ1876 በ12 ይበልጣል፣ ሩቡ 3፣ ድርሻው 15። ድምሩ 50፣ የሚተርፈው 1፤ እሑድ። አሁን በኮንዌይ፦ 96ና ሩቡ 24 ድምሩ 120፣ ትርፉ 1፤ ከዓርብ አንድ ሲቆጠር ቅዳሜ። 1896 ፌብሩዋሪ 29 የነበረው ዓመት ስለሆነ ፌብሩዋሪ 29 ቅዳሜ ነው፣ ማርች 1 እሑድ። ያው የጊዮርጊስ ዕለት፣ ያው እሑድ ነው፤ ማርች 2 ብንል ግን ሰኞ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው። በ1888 የካቲት 23 ማርች 1 ላይ ይውል ነበር፤ ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘሉ ወደ ማርች 2 ተገፋ። የቆየ የልደት ወይም የጋብቻ ቀን ወደ ፈረንጆች የሚያስለውጥ ሰውም ውጤቱን እንዲህ በሁለቱም ዘዴ ሊፈትነው ይችላል፤ ዕለቱ በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ካልሆነ አንዱ ቀን ተሳስቷል። ፈረንጆቹ በ2100 ደግሞ ይዘላሉ። በዚያ ዓመት፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 2092፣ የዓድዋ በዓል በማርች 3 ይውላል፤ ዕለቱም ረቡዕ ነው።