ስም ሲቀየር ደንበኛ እንዳይደናገር

በመርካቶ ጭድ ተራ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ አለ እንበል። ታፔላው «እህትማማቾች ንግድ» ይላል፤ ከደሴ እየመጣ ዕቃ የሚጭነው ነጋዴ ግን የሚያውቀው «የእትዬ አልማዝ ሱቅ» ብሎ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበር ማቋቋም ስለፈቀደ፣ እትዬ አልማዝ ንግዳቸውን ወደ ማኅበር አሳድገው «ጥቁርና ነጭ» የሚል አዲስ ስም አወጡለት።

ችግሩ ያለው ታፔላው ላይ አይደለም። ማኅበሩ በሕግ ሌላ ሰው ነው፤ የራሱ ቲን፣ የራሱ ደረሰኝና የራሱ የባንክ ሂሳብ ይኖረዋል። ደሴ ያለው ደንበኛ የዱቤ ገንዘብ ሊያስገባ ባንክ ሲደርስ የማያውቀው ስም ይመጣበታል። አታላይ ሂሳብ ቀይሮ የላከው ቢመስለው፣ ወይም ሱቁ ተሸጠ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ክፍያውን ያዘገያል፤ ብዙ ጊዜ የመደናገሩ የመጀመሪያ ምልክት ይኸው ነው። ሁለተኛው «እትዬ አልማዝ የሉም እንዴ?» የሚለው የስልክ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያው ከዱቤ መዝገቡ ይጀምር። ገንዘብ ያለባቸው ታፔላው ከመውረዱ በፊት፣ በለመዱት ስልክ፣ በለመዱት ድምፅ ይነገራቸው። ቀጥሎ አጭር መልእክት ይከተላል፦

«ጋሼ፣ አልማዝ ነኝ። ሱቁ ከጥር 1 ጀምሮ ‹ጥቁርና ነጭ› ይባላል። ቦታው፣ ስልኩና ዋጋው ያው ነው፤ ያለብዎት ዱቤም አልተለወጠም። አዲሱን የሂሳብ ቁጥር እኔው ደውዬ እነግርዎታለሁ፤ ከሌላ ሰው ቢመጣ አይቀበሉ።»

መልእክቱ አዲሱን ስም እንደተናገረ ወዲያው የሚያነሣው ያልተለወጠውን ነው። የስሙ ትርጉምና የአርማው ቀለም ለደንበኛው ሁለተኛ ነገር ነው፤ እሱን የሚያሳስበው ገንዘቡ ነው።

አፍ የለመደው ስም ትልቅ ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን ሕዝቡ «ቴሌ» ይለው ነበር፤ ዛሬም ይለዋል። «ቴሌ» በአዲሱ ስም ውስጥ ስላለ መሸጋገሪያው በራሱ ተሠርቷል። «አብቁተ» ሲባል የኖረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ግን ጸደይ ባንክ ሲሆን በአዲሱ ስም ውስጥ የቀረ የድሮ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ ለውጥ ድልድዩን በሌላ መንገድ መሥራት አለበት። የእትዬ አልማዝም ለውጥ ከዚህ ወገን ነው።

ድልድዩ «የቀድሞው እህትማማቾች፣ የእትዬ አልማዝ» የሚል ጽሑፍ ነው፤ በታፔላው ሥርና በማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ ይቆያል። በእኔ ግምት ቢያንስ አንድ ዓመት ሊቆይ ይገባል፤ በዓመት አንዴ፣ ከምርት በኋላ ብቻ ወደ መርካቶ የሚወርድ ደንበኛ አለና። የድሮው ሂሳብም ቶሎ አይዘጋ። በስህተት የሚገባበት ገንዘብ ማን ገና እንዳልሰማ ስለሚናገር፣ ሻጩ ስሙን አይቶ ዕለቱን ይደውልለት።