ከመነጽር ጀርባ ያለ ኩል

ዓይኗን በኩል አስውባ መነጽሯን ስታደርግ ዓይኗ የሚጠብባት ሴት፣ ጥፋቱ የእጇ አይደለም፤ የሌንሱ ነው።

ሩቅ ማየት ለሚቸግራቸው የሚታዘዘው ማይነስ ሌንስ መሃሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም ስለሆነ ከኋላው ያለውን ያሳንሳል። ቁጥሩ ማይነስ 6 ሆኖ ሌንሱ ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ሲርቅ፣ ዓይን ለተመልካች 7 በመቶ ያህል አንሶ ይታያል። ፕላስ 6 ደግሞ 8 በመቶ ያህል ያጎላዋል። የሌንሷን ዓይነት የማታውቅ መነጽሩን ከጽሑፍ በላይ ከፍ አድርጋ ትያዘው፤ ፊደሉ ካነሰ ማይነስ ነው።

ማይነስ 6 የምታደርግ ሴት የታችኛውን ቆብ ውስጠኛ ጠርዝ በጥቁር ኩል ስትኳል፣ ያነሰውን ዓይን ይብሱን ታጥረዋለች። ኩሉን ከላይ ሽፋሽፍቱ ሥር በቀጭኑ ታስምረው፤ ከታች የቆዳ ቀለም ያለው እርሳስ ይበቃታል። የዓይኗ ነጭ ሰፋ ብሎ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን ሽፋሽፍቷን በማጠፊያ ወደ ላይ ትቀልብሰው፤ ቀጥ ብሎ የቀረ ሽፋሽፍት ማስካራውን ሌንሱ ላይ ያትመዋል።

በፕላስ ሌንስ ችግሩ ይገለበጣል፤ የተጓጎለ ማስካራና የሚያብለጨልጭ ቀለም ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ የማያብረቀርቅ ቀለም ጠርዙ እስኪጠፋ ይዳመጥ፣ ማስካራውም አንድ ዙር ብቻ ይሁን። ያለ መነጽር ቅርብ ማየት ለሚቸግራት ደግሞ ሌንሶቹ በየተራ ወደ ታች የሚታጠፉ የመኳኳያ መነጽር አለ።