በሬ ተከፍቶ ያደረበት ስንኝ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ቢቸና አካባቢ ያለው ዲማ ጊዮርጊስም በየፊናቸው ባለቅኔ ያፈሩ ደብሮች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ዞር ብሎ «ይቆጥራል»፤ በግእዝ የቋጠረውንም መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ዲማ የተማሩት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪካቸውን በዛብህን የቅኔ ተማሪ አድርገውታል።

ከቅኔ ቤቱ አጥር ወጥቶ በአማርኛ፣ በሠርግና በጠላ ቤት ጨዋታ የተለመደው ግን ኅብር ነው። በሰምና ወርቅ ሁለቱ ምሥጢሮች ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በኅብር ግን አንዱ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ ፈገግ የሚያሰኝ፣ ማንንም የማያሳፍር፣ ቢጠየቁበትም የሚመለጥበት ንግግር ለሚሻ ሰው ኅብር ይመቸዋል።

አሠራሩን ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ የተቋጠረ ስንኝ እነሆ፤ ገበሬው ለጎረቤቱ ልጅ የሚላት ነው፦

ጭድ ላምጣ ብለሽኝ ቃልሽ ስለ ቀረ፣
በሬ ሌቱን ሙሉ ተከፍቶ አደረ።

ሰሙ የገበሬ ስሞታ ነው፤ ጭዱ አልመጣም፣ በሬው አኩርፎ አደረ። ወርቁ ግን የደጅ ነገር ነው፤ ትመጫለሽ ብዬ በሬን ሳልዘጋ አደርሁ። «በሬ» አንድም ተጠማጁ ከብት፣ አንድም «የእኔ በር» ነው። «ተከፍቶ» ደግሞ ከ«ተከፋ»ም ከ«ተከፈተ»ም ይመጣል። ኅብሮቹ ሁለት መሆናቸው ጠቅሟል፤ «በሬ» ብቻውን ቢሆን ኖሮ አድማጭ ወርቁን ሳያይ ያልፈው ነበር።

ቋጣሪው የሚሳሳተው አንድ ፊደል ሲጨምር ወይም ቃል ሲለውጥ ነው። «በሬው» ቢል ነገሩ የበሬ ብቻ ይሆንና ወርቁ ይጠፋል። «በሬ ሳይዘጋ» ቢል ደግሞ በሬ አይዘጋምና ሰሙ ይፈርሳል፤ ማምለጫውም አብሮት ይሄዳል። የልጅቱን ስም ቢጠራማ ጨዋታው ወደ ሐሜት ይዞራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ስንኙን ምንም ለማይጠረጥር ሰው ማንበብ። እሱ ስለ ጭድና ስለ በሬ ብቻ ሰምቶ ነገሩ ከሞላለት ሰሙ ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ አባቷ ቢቆጡ እንኳ «ኧረ አባባ፣ እኔ ስለ በሬዬ ነው የተናገርሁ!» ማለት ይቻላል።

ስንኙን በጽሑፍ ማስፈርም ለዚህ ማምለጫ ይጠቅማል። የግእዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱ «በሬ»ዎች አይለዩም። በአፍ ሲነገር ግን «ሬ» ከጠበቀች በር፣ ከላላች ከብት ናት። ስለዚህ ስንኙን የሚያሰማው ሰው ለከብቱ አላልቶ ይላታል፤ በሩን አድማጩ ራሱ ይክፈተው።