ውሉ የሚያበቃው የካቲት 10 ነው

ክፍያ እያዘገየ ያስመረረ ደንበኛን ለማሰናበት የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይሆናል። አንዱ ይለማመጣል፤ «ክፍያውን እንድታስተካክሉልን እየጠየቅን፣ ይህ ካልሆነ ለመቀጠል የምንቸገር መሆኑን በትህትና እንገልጻለን» ብሎ ያበቃል። ተቀባዩ አንብቦ ሲጨርስ ውሉ ይቀጥል ይቋረጥ አይገባውም፤ ወረቀቱ ሂሳብ ክፍል ፋይል ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሌላው ወራት የታመቀ ንዴት ነው፤ «ቸልተኝነታችሁና ንቀታችሁ» ብሎ ይጀምርና «በሕግ እንፋረዳለን» ብሎ ይዘጋል። ይኼኛው ግልጽነት አይጎድለውም። ችግሩ ያልተከፈለው ገንዘብ ገና በተሰደበው ሰውዬ እጅ መሆኑ ነው።

ሁለቱንም የሚያጽፈው ይሉኝታ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ይሉኝታ ይዞት የተጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ይሉኝታው ተሟጦ ሲያልቅ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ ለማየት በየከተማው የተለመደ ዓይነት ጉዳይ እንውሰድ።

አንዲት ሴት አነስተኛ የጽዳት ድርጅት አላት እንበል። አንድ የግል ኩባንያ ሁለት ፎቅ ቢሮውን እንድታጸዳለት በወር 48,000 ብር ተዋውሏል። በውሉ መሠረት የእያንዳንዱ ወር ሂሳብ የሚከፈለው በቀጣዩ ወር እስከ 10ኛው ቀን ነው። ክፍያ ለተከታታይ ሁለት ወር ከዘገየና የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶም ካልተከፈለ ውሉን ማቋረጥ እንደሚቻል የሚናገር አንቀጽም አለው። የመስከረም ሂሳብ ጥቅምት 10 መከፈል ሲገባው ኅዳር 2 ተከፈለ። የጥቅምቱ ታኅሣሥ 8 ገባ። የኅዳርና የታኅሣሥ ጥር 10 ካለፈ በኋላም አልተከፈሉም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋ ስልክ ትደውላለች፤ ሂሳብ ክፍል «ቼኩ ተዘጋጅቷል፣ ፈራሚው መስክ ላይ ናቸው» ይላታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት «ነገ ይለቀቃል» ይላታል። ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ ስታገኛቸው ደግሞ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ብለው ትከሻዋን መታ መታ ያደርጓታል። የሠራተኞቿን ደመወዝ የምትከፍለው ከወንድሟ ተበድራ ነው።

እስካሁን አንድም የጽሑፍ ቃል አልወጣትም። ከባዱ ጉድለት ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1772 ተዋዋዩ ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ሆኖም እነርሱን ተማምኖ መዝለል አያዋጣም። በአንቀጽ 1774 መሠረት ደግሞ ማስጠንቀቂያው ቀን ሊቆርጥ ይችላል፤ ቀኑ ለጉዳዩ ተገቢ የሆነ ፋታ የሚሰጥ መሆን አለበት። በውሉ ውስጥ የማቋረጫ አንቀጽ ካለና የተጻፈው ሁኔታ ከተሟላ፣ አንቀጽ 1786 ተዋዋዩ በዚያው አንቀጽ እንዲጠቀም ይፈቅድለታል። ስለዚህ ደብዳቤው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። በእኔ ግምት ጨዋነቱም ከዚህ ይጀምራል፤ ተቀባዩ ማቋረጫው ሲደርሰው ዱብ ዕዳ አይሆንበትም። (ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የአስተዳደር ውል የራሱ ደንቦች አሉት፤ ሥራ ከማቆም በፊት ጠበቃ ማማከር ይሻላል።)

ጥር 13 የሚወጣው ማስጠንቀቂያ አጭር ነው፦ «የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት የጽዳት አገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ 96,000 ብር፣ በውላችን በተወሰነው ጊዜ አልተከፈለም። ክፍያው እስከ ጥር 28 እንዲፈጸም እየጠየቅን፣ እስከዚያ ቀን ካልተፈጸመ በውሉ የማቋረጫ አንቀጽ የምንጠቀም መሆኑን እናስታውቃለን።» እዚህ ላይ «እየጠየቅን» ማለት ቦታው ነው፤ ምክንያቱም በእርግጥ የምትጠይቀው ነገር አለ፤ ደንበኛውም ገና ምርጫ አለው። ማቋረጫው ላይ ግን ይህ ቃል መውጣት አለበት።

ጥር 28 መጥቶ ያልፋል፤ ገንዘቡ አይገባም። ጥር 30 ሁለተኛው ደብዳቤ ይጻፋል፦

«ጉዳዩ፦ የጽዳት አገልግሎት ውል ስለማቋረጥ

በድርጅታችንና በኩባንያችሁ መካከል የተፈረመውን የጽዳት አገልግሎት ውል ይመለከታል። የመስከረም ወር ክፍያ ኅዳር 2፣ የጥቅምት ወር ክፍያ ታኅሣሥ 8 ተፈጽሟል። የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ክፍያ ጥር 13 በጻፍነው ማስጠንቀቂያ እስከ ጥር 28 እንዲፈጸም ብንጠይቅም እስከ ዛሬ አልተፈጸመም።

በመሆኑም በውሉ የማቋረጫ አንቀጽ መሠረት ውሉን አቋርጠናል። አገልግሎታችን የሚያበቃው የካቲት 10 በሥራ ሰዓት መጨረሻ ነው። እስከዚያ ቀን ሠራተኞቻችን እንደተለመደው ይሠራሉ። በዕለቱም የተረከብናቸውን ቁልፎች በፊርማ እናስረክባለን።

የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ወራት ሂሳብ 144,000 ብር፣ የየካቲት አሥር ቀናት 16,000 ብር፣ በድምሩ 160,000 ብር ነው። ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ክፍያው እስከ የካቲት 10 በውሉ በተመለከተው የባንክ ሒሳባችን ገቢ እንዲደረግ እናሳስባለን።

አብረን ስለሠራንበት ጊዜ እናመሰግናለን።

ከሰላምታ ጋር»

ይህ ደብዳቤ ውስጥ ቅጽል ፈልጉ፤ የለም። «ተደጋጋሚ መዘግየት» እንኳ አይልም፤ ቀኖቹን ደርድሮ ድግግሞሹን ለአንባቢው ይተወዋል። «ቸልተኛ ናችሁ» ለተባለ ሰው «አይደለንም» የሚል መልስ አይጠፋውም፤ ኅዳር 2 ተብሎ ለተጻፈ ቀን ግን መልስ የለውም፤ የባንኩ ወረቀት ራሱ በእጁ አለ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቶቹ ወይም ለጠበቃው ሲያሳይ እሱን የሚያሳፍር ቃል አያገኝበትም፤ የሚከራከርበትም እንዲሁ።

ዋናው ዓረፍተ ነገር «ውሉን አቋርጠናል» የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ብዕሩ ይንቀጠቀጥና «ለማቋረጥ እንገደዳለን» ወይም «ለማቋረጥ አስበናል» ብሎ ይጽፋል። የሚገደድና የሚያስብ ሰው ሊለመን ይችላል። ይለመናልም፤ በማግስቱ ስልኩ ይጮኻል። አክብሮቱን የሚሸከመው ሌላው የደብዳቤው ክፍል ነው፦ አሥር ቀን የመዘጋጃ ጊዜ መሰጠቱ፣ ሥራው እስከ መጨረሻው ቀን እንደማይጓደል መነገሩ፣ የቁልፉ ርክክብ፣ አንዲቷ የምስጋና መስመር። ምስጋናዋ አንድ መስመር ትብቃ። ከረዘመች አሽሙር ትመስላለች።

ወለድ ይጠየቅ? ውሉ ስለ ወለድ ዝም ካለ ሕጉ በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 በመቶ ይላል። ለ48,000 ብር ይህ በወር 360 ብር ገደማ ነው። ለዚህች ገንዘብ ብሎ የደብዳቤውን ድምፅ ማሻከር ለእኔ አይታየኝም። ከጠቀሱትም «በሕጉ መሠረት የሚታሰበውን ወለድ የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው» ማለት ይበቃል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ያኔ ይነሳል።

ደብዳቤው ተፈርሞ ማህተም ካረፈበት በኋላ የሚቀረው ማድረሱ ነው። በሁለት ኮፒ ወደ ደንበኛው መዝገብ ቤት ይሄዳል፤ አንዱ እዚያ ይቀራል፤ በሁለተኛው ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን አኑሮ ይመልሳል። ለጥበቃ ሰጥቶ መምጣት፣ ወይም በቴሌግራም ፎቶ ልኮ «አይተውታል» ብሎ መተው በኋላ ጣጣ አለው። በኢሜይልና በቴሌግራም ተጨማሪ ቅጂ መላክ ግን አይጎዳም።

ከዚያ ስልኩ ይመጣል፤ እንደ እውነቱ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ይበልጧታል፤ «ልጄ፣ ምን በደልንሽ? በወረቀት እንነጋገራለን እንዴ እኛ?» ይሏታል። ያለፉትን አራት ወራት መዘርዘር ከጀመረች ክርክር ውስጥ ገባች ማለት ነው። እንዲህ ብትላቸው ይሻላል፦ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ምንም ቅሬታ የለኝም። ሠራተኞቼን በወቅቱ መክፈል ስላልቻልኩ ነው። ውሉ የካቲት 10 ያበቃል፤ እስከዚያ ሥራው አይጓደልብዎትም።» ቢያጠብቁባትም ያንኑ ትድገመው፤ ምክንያት አትጨምር። እያንዳንዱ አዲስ ምክንያት ለሳቸው አዲስ መፍትሔ የሚያቀርቡበት በር ነው። «ሠራተኞቼ ታመውብኝ» ካለች «ሌላ ቅጠሪ» ይባላል።

በጣም የሚፈትነው ግን ግማሽ ክፍያ ነው። የካቲት 4 ላይ 48,000 ብር ይገባል፤ ሂሳብ ክፍል ደውሎ «ከፍለናል፣ ያንን ደብዳቤ ተዉት» ይላል። ገንዘቡን መመለስ ሞኝነት ነው፤ ዝም ብሎ መቀበል ደግሞ «ተስማምታ ቀጠለች» ያሰኛል። ደረሰኙ ይቆረጥ፤ አብሮት ሁለት መስመር ይሂድ፦ «ለኅዳር ወር ሂሳብ የተከፈለውን 48,000 ብር ተቀብለናል፤ እናመሰግናለን። ቀሪው ሂሳብ 112,000 ብር ሲሆን፣ ጥር 30 በጻፍነው ደብዳቤ የተገለጸው የውሉ ማብቂያ ቀን አልተለወጠም።» ይህችም እንደ ሌላው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ትገባለች።

ሙሉው ቢከፈልስ? ያኔ ውሳኔው የራሷ ነው። ለመቀጠል ከፈለገች የተቋረጠውን ውል እንዳልነበረ አድርጋ ከምትቀጥል አዲስ ውል ብትፈርም ይበጃታል፤ ለምሳሌ የወሩ ክፍያ በወሩ መጀመሪያ ቅድሚያ የሚፈጸምበት። ደንበኛው በዚህ ካልተስማማ መልሱን ሰጥቷል።

የካቲት 10 ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው በርክክብ ቅጽ ይፈረማሉ፤ የድርጅቷ መጥረጊያ፣ ባልዲና የቀረው ሳሙና ይወጣል፤ የኩባንያው የሆነው ይቀራል። ዕዳው እስኪከፈል ብሎ ቁልፍ ወይም ዕቃ ይዞ መቆየት እስከዚያ ቀን በወረቀት የተገነባውን ሁሉ በአንድ ቀን ያፈርሰዋል፤ ከሳሽ የነበረችው ተከሳሽ ትሆናለች። የመጨረሻው የክፍያ መጠየቂያ በዚያው ዕለት ከርክክብ ቅጹ ጋር ይሰጣል፤ ሌላ ማስታወሻ አይጻፍበትም።