ዳገቱን ለሐኪሙ ይንገሩት

እስቲ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ባል የመንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ጠባቂ ነው። ሥራው ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ በእግር መዞር፣ ስንቁን ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ አንዳንዴም በብርድ ማደር ነው። ጥቅምት 5 ቀን የቡአ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ኅዳር 6 ቀን ሲመለስ ሐኪሙ እንዲያስል አዝዞ ቦታውን ዳሰሰና «ለሥራ ብቁ ነው» ብሎ ጻፈለት።

ሐኪሙ አልተሳሳተም፤ ግን ለየትኛው ሥራ? ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ወረቀቱ በቂ ነው። ለጓሳው ጠባቂ ግን አይበቃም። የቆዳው ቁስል ቢደርቅም ከውስጥ የተሰፋው ገና እየጠነከረ ነውና።

ስለዚህ ወደ ምርመራ ክፍል ሲገቡ «ወረቀት ይጻፉልኝ» ብለው አይጀምሩ። «ዶክተር፣ በቀን ይህን ያህል ሰዓት ዳገት እሄዳለሁ፤ የምሸከመው ይህን ያህል ኪሎ ነው፤ ሌሊትም እወጣለሁ። ከእነዚህ የትኛውን ከመቼ ጀምሮ ልሥራ?» ይበሉ። ሚስትም አብራ ብትገባ መልካም ነው፤ ባሎች ሕመማቸውን ለሐኪም ሲያሳንሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘቡት ሚስቶች ናቸውና።

መልሱ በማስረጃው ላይ ይስፈር። ለምሳሌ፦ «ኅዳር 6 ቀን ተመርምሯል፤ ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮ ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል፤ እስከ ታኅሣሥ 6 ቀን ከ10 ኪሎ በላይ አያንሳ፤ በዚያ ቀን እንደገና ይታያል።» ኪሎውንና ቀኑን እንደ ሰውየው ሁኔታ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ የጤና ተቋሙ ማኅተም እንዳይቀሩ። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ከበሩ ሳይወጡ ይመልከቱ፤ የእኛና የፈረንጆች ቀን ተቀላቅሎ የተመለሰ ወረቀት ጥቂት አይደለም። የበሽታውን ስም አሠሪው እንዲያውቅ ካልፈለጉ፣ ገደቡ ብቻ እንዲጻፍልዎ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ሰው ሳይድን «ብቁ ነኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈልባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጠባቂያችን ከኅዳር 5 ጀምሮ ግማሽ ላይ ወድቋል። ገደብ የተጻፈበት ማስረጃ ካለው አለቃውን «እስከ ታኅሣሥ በር ላይ ወይም በመዝገብ ሥራ ልቆይ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አለቃው እንዲህ ያለ ሥራ የለኝም ካለ፣ ያንኑ ይዞ ወደ ሐኪሙ በመመለስ የሕመም ፈቃዱ እንዲራዘም ይጠይቅ።

ሥራ ከጀመረ በኋላ ሲያስል ወይም ሲያነሳ ቦታው ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ታኅሣሥ 6ን አይጠብቅ። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ሕመምና ትውከት ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።